ሁለት ፋብሪካ፣ አንድ ገበያ፦ ምርቱ ለደሴና ለኮምቦልቻ እንዴት ይከፈል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደሴ የኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተሰጠን መልመጃ እንዲህ ይላል። አንድ ብቸኛ የቆርኪ አምራች ሁለት ፋብሪካ አለው፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። ፍላጎቱ P = 1400 − 2Q ነው (ብር በካርቶን፣ ካርቶን በቀን)። የደሴው ማርጂናል ኮስት 200 + 8q1፣ የኮምቦልቻው 300 + 2q2። እኔ ለየፋብሪካው MR = MC አድርጌ ለደሴ 100፣ ለኮምቦልቻ 183 ካርቶን አገኘሁ። መልሱ ግን 50 እና 150 ነው ተባልን። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞ በዚያ መልስ የደሴው አማካይ ወጪ 400 ብር፣ የኮምቦልቻው 450 ብር ይመጣል። ታዲያ ርካሹ ፋብሪካ ለምን ትንሽ ተሰጠው? ጓደኛዬ ጭራሽ የደሴው ይዘጋ ባይ ነው።»

ምላሽ፦ አልጀብራህ ልክ ነው። የተሳሳትከው ከዚያ በፊት ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ገበያ ያለው አስመስለህ ሠራህ። ገበያው ግን አንድ ነው። ቆርኪ የሚገዛው ሰው ካርቶኑ ደሴ ይሠራ ኮምቦልቻ ግድ አይሰጠውም፣ ዋጋውንም የሚያወርደው የሁለቱ ድምር ነው። የደሴውን ስታሰላ 1400 − 4q1 ብለሃል። ይህ ማለት ኮምቦልቻ ያን ቀን አንድም ካርቶን አልሸጠም ማለት ነው። የኮምቦልቻውን ስታሰላ ደግሞ ደሴን ዘጋኸው። ከዚያ ሁለቱን መልስ ደመርካቸው። ሁለቱ መልሶች አብረው ሊኖሩ አይችሉም።

ይህን በብር እንየው። በአንተ መልስ በቀን 283 ካርቶን ገደማ ይወጣል። ዋጋው ወደ 833 ብር ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ ካርቶን ስትጨምር ገቢህ ላይ የሚጨመረው 833 ብር አይደለም። ያንን አንድ ካርቶን ለመሸጥ የሁሉንም ዋጋ 2 ብር መቀነስ አለብህ፣ በ283 ካርቶን ላይ 2 ብር ሲቀነስ 567 ብር ይሄዳል፣ ስለዚህ እጅህ ላይ የሚቀረው 267 ብር ገደማ ነው። ማርጂናል ሬቨኒው ወይም MR የሚባለው ይሄ ነው። አሁን ደሴ ሂድና መቶኛዋን ካርቶን ጠይቅ። 200 + 8 × 100 = 1,000 ብር ፈጅታለች፣ ማርጂናል ኮስት ወይም MC ማለት ይህ የመጨረሻዋ ካርቶን ወጪ ነው። 1,000 ብር አውጥተህ 267 ብር አገባህ። ኮምቦልቻም ቢሆን የመጨረሻዋ ካርቶን 667 ብር ገደማ ናት። ሁለቱም ቦታ ከሚገባው በላይ እየተመረተ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ነው። አንደኛው፣ የሆነ ያህል ካርቶን እንሠራለን ብንል በየትኛው ፋብሪካ ብናደርገው ይረክሳል? ሁለተኛው፣ በጠቅላላው ስንት እንሥራ? የመጀመሪያው ጥያቄ ገበያውን ጨርሶ አያውቀውም። የወጪ ጉዳይ ብቻ ነው። ከሱ ብትጀምር ሌላው ይቀልልሃል።

በቀን 200 ካርቶን ይሠራ እንበል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት እኩል መካፈል ነው፣ 100 ለደሴ፣ 100 ለኮምቦልቻ። በዚህ አከፋፈል ደሴ የመጨረሻዋን ካርቶን በ1,000 ብር ነው የሚሠራት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ500 ብር። እንግዲህ አንዷን ካርቶን ከደሴ ቀንሰህ ኮምቦልቻ ብታሠራት ምን ይሆናል? የደሴ ወጪ በ1,000 ብር ገደማ ይቀንሳል፣ የኮምቦልቻው በ500 ብር ገደማ ይጨምራል። የካርቶኑ ቁጥር ያው 200 ነው፣ ገቢው ያው ነው፣ ኪስህ ግን 500 ብር ገደማ ተረፈው። ሌላም አንቀሳቅስ። ደሴ እየቀነሰ ሲሄድ የመጨረሻዋ ካርቶን እየረከሰች ትመጣለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ እየጨመረ ሲሄድ እየተወደደች፣ ልዩነቱ ይጠባል። ማንቀሳቀሱ ጥቅሙ የሚያልቀው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ደሴ 50 ላይ 200 + 400 = 600 ብር፣ ኮምቦልቻ 150 ላይ 300 + 300 = 600 ብር። እዚህ ላይ ቁም።

እዚህ ላይ መቆም ምን ያህል ያተርፋል? የደሴው ተለዋዋጭ ወጪ 200q + 4q² ነው፣ የኮምቦልቻው 300q + q²። ማርጂናል ኮስቱን ከዜሮ ጀምረህ ስትደምረው የሚመጣው ይሄ ነው። እኩል ሲካፈሉ 60,000 እና 40,000፣ በድምሩ 100,000 ብር በቀን። 50 እና 150 ሲሆን 20,000 እና 67,500፣ በድምሩ 87,500 ብር። ያው 200 ካርቶን፣ ያው ዋጋ፣ የ12,500 ብር ልዩነት በየቀኑ።

ይሄ ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስልህ። ሁለት ቦታ የሚያመርት አንድ ድርጅት ውስጥ ወጪ ስመዘግብ የሠራሁበት ጊዜ ነበር። ኃላፊው ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር እኩል ይከፍለዋል፣ ሁለቱ ፎርማኖች ቅር እንዳይላቸው። ወር ሲያልቅ የደመወዝ ወረቀቱን ሳገላብጥ በአንደኛው ቦታ የትርፍ ሰዓት አምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ሌላኛው ጋ አምዱ ባዶ ነው፣ ማሽኑም ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሞ ሠራተኛው መጥረጊያ ይዞ ይውላል። ማንም ማርጂናል ኮስት የሚባል ነገር አላሰላም፣ ግን እዚያ ወረቀት ላይ በግልጽ ይታይ ነበር። አንዱ ጋ ትርፍ ሰዓት እየተከፈለ ሌላው ጋ ማሽን ከቆመ፣ አከፋፈሉ ተበላሽቷል።

ማርጂናል ኮስት ምርት ሲጨምር ለምን እንደሚወጣም ከዚሁ ይገባሃል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው የሌሊቱ በ1.75። እንግዲህ ያው ሠራተኛ ያንኑ ካርቶን ሲሠራ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ካርቶኑ ይወደዳል። በዚያ ላይ ማሽኑ አሮጌ ከሆነ በተጫነ ቁጥር የሚበላሸው ቆርኪ ይበዛል። የመልመጃህ ደሴ እንደዚህ ያለ ፋብሪካ ነው። የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ርካሽ ናቸው፣ 200 ብር ላይ ይጀምራል፣ ግን ቶሎ ይደክማል፣ በየካርቶኑ 8 ብር ይጨምራል። ኮምቦልቻ 300 ላይ ይጀምራል፣ ግን የሚጨምረው በ2 ብር ብቻ ነው።

አሁን ወደ አማካዩ ጥያቄህ። ደሴ በ400 ብር፣ ኮምቦልቻ በ450 ብር። ርካሹ ለምን ትንሽ ተሰጠው አልክ። አማካይ ወጪ የሚነግርህ እስካሁን የተሠሩት ካርቶኖች በደምሳሳው ስንት እንደፈጁ ነው። ደሴ አማካዩ ዝቅ ያለው እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ርካሽ ካርቶኖች ስለሚጎትቱት ነው። እነሱ ግን ተሠርተው አልቀዋል፣ ደግመህ ልትሠራቸው አትችልም። የምትወስነው ስለቀጣዩ ካርቶን ነው፣ ቀጣዩ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ወደ 600 ብር ነው።

ካላመንክ አማካዩን እኩል አድርገህ ሞክረው። 60 ለደሴ፣ 140 ለኮምቦልቻ ስጥ። ደሴ 26,400 ብር ያወጣል፣ ለ60 ሲካፈል 440። ኮምቦልቻ 61,600 ብር፣ ለ140 ሲካፈል 440። አማካዮቹ ልክክ አሉ። ድምሩ ግን 88,000 ብር ነው። ቅድም 87,500 ነበር። አማካይ ወጪን እኩል ለማድረግ በቀን 500 ብር ከፈልክ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በዚህ አከፋፈል ደሴ የመጨረሻዋን ካርቶን በ680 ብር ይሠራታል፣ ኮምቦልቻ ያችኑ በ580 ብር ይሠራት ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት እንሥራ የሚለው ነው። እዚህ የሁለቱን ማርጂናል ኮስት ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል። ተጠንቀቅ፣ ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። 200 + 8Q እና 300 + 2Q ብለህ ወጪዎቹን አትደምር። 500 + 10Q ብለህ ከሄድክ አንዲት ካርቶን ለመሥራት ሁለቱም ፋብሪካ ይከፈላል ማለትህ ነው፣ መልሱም 64 ካርቶን አካባቢ ይመጣል። የሚደመረው መጠኑ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዋ ካርቶን እስከ m ብር ብትፈጅ ምንም አይደለም ብንል እያንዳንዱ ፋብሪካ ስንት ይሠራል? ደሴ (m − 200)/8፣ ኮምቦልቻ (m − 300)/2። ደምራቸው፦

Q = (m − 200)/8 + (m − 300)/2 = (5m − 1400)/8

m ን ለብቻው ስታወጣው m = 280 + 1.6Q ይሆናል። የድርጅቱ የጋራ ማርጂናል ኮስት ይሄ ነው። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ከገበያው ጋር ታገናኘዋለህ፦

1400 − 4Q = 280 + 1.6Q

5.6Q = 1120፣ ስለዚህ Q = 200። m = 600። ዋጋው 1400 − 400 = 1,000 ብር። ከዚያ m = 600 ን ይዘህ ወደየፋብሪካው ትመለሳለህ፣ ደሴ 50፣ ኮምቦልቻ 150። ገቢው 200,000 ብር ነው፣ ተለዋዋጭ ወጪው 87,500፣ ቋሚ ወጪ ሳይነሳ የሚተርፈው 112,500 ብር በቀን። በአንተ መልስ (100 እና 183.3) ይሄ ቁጥር 87,500 ብር ብቻ ነው የሚሆነው። ብዙ ቆርኪ ሠርተህ 25,000 ብር አጣህ።

ማረጋገጫው ሁልጊዜ አንድ ነው። መልስ ካገኘህ በኋላ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍ፣ የደሴውን ማርጂናል ኮስት፣ የኮምቦልቻውን፣ እና በጠቅላላው Q ላይ ያለውን ማርጂናል ሬቨኒው። 600፣ 600፣ 600። በአንተ መልስ 1,000፣ 667፣ 267 ነበር። ሦስቱ ካልገጠሙ ወይ ተሳስተሃል፣ ወይ ደግሞ ከዚህ በታች ካሉት ሁኔታዎች አንዱ አጋጥሞሃል።

አንዱ ገበያው ሲደርቅ ነው። ፍላጎቱ በጣም ወርዶ P = 320 − 2Q ሆነ እንበል። ያንኑ ቀመር ዝም ብለህ ብትሰድረው m = 291.4 ይመጣና ኮምቦልቻ −4.3 ካርቶን ይሥራ ይልሃል። ኔጌቲቭ ካርቶን የለም። ነገሩ ግን ብልሽት አይደለም፣ አንድ ነገር እየነገረህ ነው፦ ኮምቦልቻ 300 ብር ላይ ስለሚጀምር በዚህ ገበያ የመጀመሪያዋ ካርቶኑም አታዋጣም። ዜሮ አድርገውና ደሴን ለብቻው አስላ። 320 − 4q = 200 + 8q፣ q = 10። የደሴ ማርጂናል ኮስት 280 ነው፣ ከ300 በታች፣ ስለዚህ ልክ ነው። የጋራው ቀመር m = 280 + 1.6Q የሚሠራው ከ12.5 ካርቶን በላይ ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ደሴ ብቻውን ነው።

ሌላው ፋብሪካው አቅም ሲያጥረው ነው፣ ይሄ በሥራ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ነው። ኮምቦልቻ በቀን ከ120 ካርቶን በላይ አይችልም እንበል። 150 ስለማይደርስ 120 ላይ ቸንክረው፣ ከዚያ ደሴን ከቀረው ገበያ ጋር አገናኝ፦ 1400 − 4(120 + q1) = 200 + 8q1። q1 = 60 ይሆናል። ድምሩ 180፣ ዋጋው 1,040 ብር፣ ማርጂናል ሬቨኒው 680፣ የደሴው ማርጂናል ኮስትም 680። የኮምቦልቻው ግን 540 ላይ ነው። አልገጠሙም፣ መግጠምም የለባቸውም። የ140 ብሩ ልዩነት ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ካርቶን የሚያሠራ ተጨማሪ አቅም ቢያገኝ ድርጅቱ በቀን 140 ብር ገደማ ያተርፋል ማለት ነው። አዲስ ማሽን ይገዛ አይገዛ ሲባል ስሌቱ መጀመር ያለበት ከዚች ቁጥር ነው። ግን አቅም በጨመረ ቁጥር ቁጥሯም እየቀነሰች ትሄዳለች፣ 150 ላይ ዜሮ ነች። ለሠላሳውም ካርቶን 140 ብር ብለህ እንዳታባዛ። የአቅም እጥረቱ በጠቅላላ የሚያሳጣው 2,100 ብር በቀን ነው።

መልመጃው ትራንስፖርትን ረስቶታል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ አጭር ቢሆንም ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ስለሆነ የጭነት መኪና በነጻ አይወርደውም። ገዢዎቹ ሁሉ ኮምቦልቻ ቢሆኑና ከደሴ ለአንድ ካርቶን ማውረጃ 70 ብር ቢወጣ፣ ያ 70 ብር የደሴው ማርጂናል ኮስት ላይ ይጨመራል፣ 270 + 8q1 ይሆናል። ስታሰላው m = 610፣ ደሴ 42.5፣ ኮምቦልቻ 155፣ ዋጋው 1,005 ብር። ልብ በል፣ የደሴ ካርቶን 70 ብር ተወደደ፣ የገበያው ዋጋ ግን የጨመረው 5 ብር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሥራው ወደ ኮምቦልቻ ሸሸ። መኪናው የጫነውን ሳይሆን በቀን ኪራይ የሚከፈለው ከሆነ ግን 70ው ብር በየካርቶኑ አይደመርም፣ ቋሚ ወጪ ነው፣ አከፋፈሉን አይነካም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ማርጂናል ኮስት ምርት ሲጨምር የሚወጣ ከሆነ ነው። ማሽን ለማሞቅና ሻጋታ ለመቀየር ብዙ የሚፈጅ፣ ከጀመረ በኋላ ግን በየካርቶኑ እየረከሰ የሚሄድ ፋብሪካ ከሆነ፣ ሁለቱን እኩል ማድረግ ጭራሽ በጣም ውዱን አከፋፈል ሊሰጥህ ይችላል። እንደዚያ ሲሆን ሁሉንም ለአንዱ፣ ሁሉንም ለሌላው እያልክ ጠቅላላ ወጪውን ማወዳደር ነው ያለብህ።

የጓደኛህን ነገር ላንሳ። ደሴ ይዘጋ ለማለት አማካይ ወጪም፣ የማሽኑ ዕድሜም ማስረጃ አይሆንም። ደሴ ከተዘጋ ኮምቦልቻ ብቻውን 183.3 ካርቶን ይሠራል። አየህ፣ የአንተ 183 የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ነበር። ዋጋው ወደ 1,033 ብር ይወጣል፣ ቋሚ ወጪ ሳይነሳ የሚተርፈው 100,833 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 112,500 ነበር። ስለዚህ ደሴ በቀን 11,667 ብር ያስገባል፣ 50 ካርቶን ብቻ እየሠራ።

ይህን የምታነጻጽረው ደሴ ቢዘጋ በእርግጥ ከሚቀር ወጪ ጋር ብቻ ነው። የግቢው ኪራይ፣ የዘበኛው ደመወዝ፣ የጥገና ውል። ማሽኑ ድሮ የተገዛበት ገንዘብ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ቢዘጋም አይመለስም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለየፋብሪካው የሚከፋፈለው ወጪም አይገባም፣ ደሴ ሲዘጋ ኮምቦልቻ ላይ ይወድቃል እንጂ አይጠፋም። ያ ድምር በቀን ከ11,667 ብር ካነሰ ደሴን አትዝጋ፣ 50 ካርቶኑን ስጠው። ከበለጠ ግን ጓደኛህ ልክ ነው፣ ዝጋውና ኮምቦልቻን 183 አሠራ። መልመጃው ቋሚ ወጪ ስላልሰጣችሁ ወረቀትህ ላይ 50 እና 150 ብለህ ጻፍ፣ ከሥሩም ሦስቱን 600 አስቀምጥ።